የኦዲት ክፍያውን የትኛው ፕሮጀክት ይሸከመው? ቀጥተኛ ወጪን ከጋራ ወጪ ለመለየት የንጽጽር መመሪያ

ሰኔ በገባ ቁጥር ደሴ ያለው ቢሮአችን ውስጥ ሁለት ሥራ ይገጣጠማል፤ የዓመቱን ሒሳብ መዝጋትና የመጪውን ዓመት በጀት ማዘጋጀት። ሁለቱም ሥራ ላይ የምትመጣ አንዲት መስመር አለች፤ የውጭ ኦዲተር ክፍያ። ከደሞዝና ከነዳጅ አጠገብ ስትቀመጥ ትንሽ ናት። ነገር ግን ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ሌላ ድርጅት ለለጋሽ ገንዘብ እንድንመልስ ያደረገችን ይህቺው መስመር ነበረች። ሁለት ፕሮጀክቶች ነበሩን፤ ሁለቱም በጀት ላይ "ኦዲት" የሚል መስመር ነበር። ኦዲቱ ግን አንድ ነው፤ ደረሰኙም አንድ ነው። በጀቶቹን የጻፉት የተለያዩ ሰዎች ነበሩና ማንም ሁለቱን ጎን ለጎን አላየም። ዓመቱ ሲያልቅ ያንኑ ደረሰኝ ሙሉውን ለአንዱም ለሌላውም አወራረድን። አንደኛው ለጋሽ የላከው መርማሪ የኦዲት ወጪውን ሌጀር አስወጥቶ ክፍያውን ከደረሰኙ ጋር ሲያስተያይ ነገሩ ተገለጠ። ለማጭበርበር ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ገንዘቡ ግን ተመለሰ። ለሚቀጥለው ስምምነትም ለወራት ማብራሪያ ስንጽፍ ከረምን።

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ ወይም ሰቆጣ ሆነው ሁለትና ሦስት ለጋሽ ያለውን አገር በቀል ድርጅት ሒሳብ ለሚይዙ ባልደረቦቼ ነው። ነገሩን በአንድ ምሳሌ እየተከተልን እንሂድ። ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲመቹ ያስተካከልኳቸው ናቸው፤ ዋጋው በየድርጅቱ ይለያያል።

ድርጅቱ ደሴ ዋና ቢሮ አለው። ኩታበር ላይ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት ይሠራል፤ የዓመቱ ወጪ 9 ሚሊዮን ብር ሲሆን ከዚህ ውስጥ 6 ሚሊዮኑ ለአንድ የጉድጓድ ቁፋሮ ተቋራጭ የሚከፈል ነው። ቃሉ ላይ የሴቶች የቁጠባና ራስ አገዝ ቡድኖችን ይደግፋል፤ 4 ሚሊዮን ብር። ለጋምቦ ላይ የገብስና የድንች ዘር ብዜት አለው፤ 2 ሚሊዮን ብር። ከአባላት መዋጮና ከአዳራሽ ኪራይ ከሚያገኘው የራሱ ገቢ ደግሞ 1 ሚሊዮን ብር ያወጣል። በጠቅላላ 16 ሚሊዮን ብር መሆኑ ነው።

ከስሌቱ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ኦዲተሩ የሚጽፈው አስተያየት ስለ ምን እንደሆነ ካልታወቀ የኦዲት ክፍያ ቀጥተኛ ይሁን የጋራ መከራከር ዋጋ የለውም። በስማቸው አንድ የሚመስሉ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች አሉ።

አንደኛው የድርጅቱ ዓመታዊ ኦዲት ነው። ኦዲተሩ የድርጅቱን ጠቅላላ የሒሳብ መግለጫ አይቶ አስተያየት ይሰጣል፤ ሪፖርቱ ለጠቅላላ ጉባኤው ይቀርባል፤ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣንም ይገባል። ሁለተኛው አንድ ለጋሽ በውሉ ላይ "የእኔን ገንዘብ ብቻ የሚያሳይ የተመረመረ ሪፖርት አምጡልኝ" ብሎ የሚጠይቀው የፕሮጀክት ኦዲት ወይም የወጪ ማረጋገጫ ነው።

እኔ የምጠቀምበት መለያ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ፕሮጀክት ባይኖር ኖሮ ይህ ኦዲት ይደረግ ነበር? የለጋምቦ ዘር ብዜት ነገ ቢዘጋ የድርጅቱ ዓመታዊ ኦዲት አይቀርም። ስለዚህ የጋራ ወጪ ነው። ለጋሹ የጠየቀው የለጋምቦ ሪፖርት ግን ፕሮጀክቱ ከሌለ አይኖርም፤ ቀጥተኛ ወጪ ነው።

መለያው የማይሠራበት አንድ ቦታ አለ። ድርጅቱ አንድ ለጋሽ ብቻ ካለው የጋራው ወጪ ሁሉ እዚያው አንድ ቦታ ያርፋል፤ በስሌት መቶ በመቶ ይሆናል። ያኔም ቢሆን የፋይናንስ መመሪያችሁ ላይ "የጋራ ወጪ" ብላችሁ ጻፉት። ሁለተኛው ለጋሽ የመጣ ዕለት አሠራራችሁን መለወጥ ሳያስፈልጋችሁ ድርሻው ራሱ ይከፈላል። በአንጻሩ "የመጀመሪያው ለጋሽ ሙሉውን ይከፍላል" ተብሎ የተለመደበት ቤት ሁለተኛው ሲመጣም የመጀመሪያው መክፈሉን ይቀጥላል። ይህ ደግሞ አንዱ የሌላውን ሸክም ተሸከመ ማለት ነው።

መጠኑን መገመት

ብዙ በጀት ላይ የማየው የኦዲት ቁጥር ካለፈው ዓመት የተቀዳ ነው። ይህ አያስኬድም፤ በተለይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የሦስት ዓመት ፕሮጀክት በጀት ላይ አንድ ዓይነት ክፍያ ሦስት ጊዜ መጻፍ ሦስተኛው ዓመት ላይ ጉድለት ያመጣል።

ክፍያውን የሚወስነው በዋናነት የሥራው ብዛት ነው፤ ስንት ሪፖርት ትፈልጋላችሁ፣ ስንት የመስክ ቢሮ ይታያል፣ ቫውቸሩ ምን ያህል ነው፣ መዝገቡስ በምን ሁኔታ ላይ ነው። የመጨረሻው እኛ አካባቢ የተለየ ትርጉም አለው። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ወረቀቱ የጠፋበት ቢሮ ብዙ ነው። ሰነድ ሲጎድል ኦዲተሩ ከባንክና ከአቅራቢዎች ማረጋገጫ እየጠየቀ ሊሠራ ይገደዳል፤ ይህ ቀናት ይጨምራል፤ ቀናት ደግሞ ክፍያ ናቸው። ቫውቸሩን ስካን አድርጎ ቅጂውን ከከተማው ውጭ ማስቀመጥ ክፍያውንም የሚቀንስ ሥራ ነው።

ሌላው የቦታው ጉዳይ ነው። የኦዲት ድርጅቶቹ በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ወደ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አለ፤ ከደሴ ደግሞ ለጋምቦ አቀስታ ድረስ የሚወጣ አለ። የጉዞና የአበል ወጪ በዋጋ ማቅረቢያው ውስጥ ይጠቃለል ወይስ እናንተ ለብቻ ትከፍላላችሁ? ይህን የሥራ ዝርዝሩ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉ። እኔ ሁሉን ያካተተ ዋጋ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ሦስቱን ፕሮፎርማ በእኩል ማወዳደር ይቻላል። ሁለተኛ፣ የሚመረምረን ሰው አበሉን ከእኛ ካዝና በእጁ ሲቀበል አይወደድልኝም።

ፕሮፎርማ የምትጠይቁት ድርጅት ከኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ያገኘው የሙያ ፈቃድ የታደሰ መሆኑን እዩ። ዋጋው ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መኖሩንም አትርሱ። በጀቱ ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ተጽፎ ክፍያው ከታክስ ጋር ሲመጣ ልዩነቱ የት ይገባል? አንዳንድ ለጋሽ ታክስ አልከፍልም ይላል፤ ያን ጊዜ የእሱ ድርሻ ታክስ በራሳችሁ ገቢ ይሸፈናል ማለት ነው። ከክፍያው ላይ ቀንሳችሁ ለገቢዎች የምታስገቡት ዊዝሆልዲንግ ግን የኦዲተሩ ግብር እንጂ የእናንተ ተጨማሪ ወጪ አይደለም። በጀት ላይ ደርቦ የሚጽፈው ሰው ስላጋጠመኝ ነው ይህን ማንሣቴ።

በምሳሌአችን ሁሉን ያካተተው ዋጋ 200,000 ብር ነው እንበል። ታክሱ 30,000 ብር ሲጨመር ዓመታዊው ኦዲት 230,000 ብር ይሆናል።

ሦስቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

የመጀመሪያው መንገድ ለፕሮጀክቱ ብቻ የተሠራውን ኦዲት በቀጥታ ፕሮጀክቱ ላይ መጫን ነው። ማስረጃው ቀላል ነው፤ ውሉ ላይ የለጋሹ ጥያቄ አለ፣ ሪፖርቱ የፕሮጀክቱን ስም ይዟል፣ ደረሰኙም ለብቻው ነው። በውጭ እርዳታ ስምምነቶቹ የአውሮፓ ኅብረት የወጪ ማረጋገጫን እንደ ቀጥተኛ ወጪ ይቀበላል። የሥራው ዘመን ካለቀ በኋላ ቢፈጸምም ይቀበለዋል፤ የመጨረሻው ሪፖርት አካል ነውና። የዚህ መንገድ ችግር ዋጋው ነው፤ ሦስት ፕሮጀክት ሦስት ኦዲት ሲያስደርግ ተመሳሳዩ የደሞዝ መዝገብና የባንክ ሒሳብ ሦስት ጊዜ ይገለበጣል።

ሁለተኛው መንገድ ዓመታዊውን ኦዲት የጋራ ወጪ አድርጎ ለየፕሮጀክቱ ድርሻውን በግልጽ መስመር ማስቀመጥ ነው። በጀቱ ላይ "የዓመታዊ ኦዲት ድርሻ" ተብሎ ይጻፋል፤ ስሌቱ በማብራሪያው ላይ ይታያል። ለጋሹ የሚከፍለውን ያያል፤ እናንተም ጉድለት አይኖርባችሁም። ግን ለጋሹ የጋራ ወጪን በመስመር ሊቀበል ፈቃደኛ መሆን አለበት። የድልድሉን ዘዴም በጽሑፍ ይዞ ዓመቱን ሙሉ አለመለወጥን ይጠይቃል።

ሦስተኛው ለጋሹ በመቶኛ ከሚሰጠው የአስተዳደር ድርሻ፣ ኦቨርሄድ ከምንለው፣ መሸፈን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በእነዚሁ ስምምነቶች እስከ 7 በመቶ ይሰጣል፤ ሌሎችም የራሳቸው መጠን አላቸው። ለእያንዳንዷ ብር ደረሰኝ ስለማይጠየቅ ይቀላል። አደጋው ግን ያ መቶኛ የቢሮ ኪራይን፣ የዳይሬክተሩን ደሞዝ፣ ኢንተርኔቱን ሁሉ የሚሸከም መሆኑ ነው። ነሐሴ ላይ የኦዲተሩ ደረሰኝ ሲመጣ ማሰሮው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ይህን መንገድ የመረጠ ሰው የኦዲቱን ድርሻ ከመቶኛው ላይ በየሩብ ዓመቱ ለይቶ ያስቀምጥ።

መንገዶቹ በአንድ ድርጅት ውስጥ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። የማይቻለው አንድን የኦዲት ወጪ ለአንድ ለጋሽ በሁለት መንገድ ማስከፈል ነው። መቶኛ የሚሰጣችሁን ለጋሽ ደግሞ "የዓመታዊ ኦዲት ድርሻ" የሚል መስመር ከጨመራችሁበት ያንኑ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሸጣችሁለት። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የእርዳታ ደንብ ይህን በግልጽ ያስቀምጠዋል፦ በተመሳሳይ ሁኔታ ለተመሳሳይ ዓላማ የወጣ ወጪ በአንዱ ዘንድ ቀጥተኛ፣ በሌላው ዘንድ ቀጥተኛ ያልሆነ ተደርጎ አይያዝም። የሌላ ለጋሽ ገንዘብ ለምትይዙም ጥሩ መለኪያ ነው። ታዲያ ሁለተኛውና ሦስተኛው መንገድ አብረው ሲሄዱ ይህን አያፈርስም? ወጪው በሁሉም ዘንድ በአንድ ስሌት የተደለደለ የጋራ ወጪ ሆኖ ከቆየ፣ ልዩነቱ ድርሻው ከየትኛው ኪስ ተከፈለ የሚለው ብቻ ነው። ያንን ድርሻ ከለጋሹ ጋር የሚያያይዘው የድልድል ወረቀት ከሌላችሁ ግን ደንቡን አፍርሳችኋል።

ድልድሉ በምን ይሁን?

የተለመደው መሠረት የወጪ መጠን ነው። ከ16 ሚሊዮኑ የኩታበር ውሃ 9 ሚሊዮን ስለሆነ 230,000 ብሩ ላይ ድርሻው 129,375 ብር ይሆናል፤ ከግማሽ በላይ። ፍትሐዊ ነው?

አይመስለኝም። ከ9 ሚሊዮኑ 6 ሚሊዮኑ አንድ የቁፋሮ ውል ነው። ኦዲተሩ ውሉን፣ የጨረታውን ሰነድ፣ የመሐንዲሱን የሥራ መለኪያና ጥቂት የክፍያ ሰነዶች ያያል፤ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ቃሉ ላይ ግን የቡድን ሥልጠና አበል፣ የትራንስፖርት፣ የሻይ ቡና ክፍያ በፊርማ ዝርዝር ተያይዞ በሣጥን ሙሉ ይቀርባል። የኦዲተሩን ጊዜ የሚበላው የወረቀቱ ብዛት ነው። በአሜሪካው ደንብ የመቶኛ ስሌት ላይም ትልልቅ መሣሪያና ለሌላ ድርጅት የሚተላለፍ ትልቅ ገንዘብ ከመሠረቱ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ትልቁን የቁፋሮ ውል ከመሠረቱ አውጥቼ በቀሪው 10 ሚሊዮን እደለድላለሁ፦

| | የወጪ መሠረት | ድርሻ | የኦዲት ድርሻ በብር |
|---|---|---|---|
| ኩታበር ውሃ | 3,000,000 | 30% | 69,000 |
| ቃሉ የሴቶች ቡድኖች | 4,000,000 | 40% | 92,000 |
| ለጋምቦ ዘር ብዜት | 2,000,000 | 20% | 46,000 |
| የድርጅቱ የራስ ገቢ | 1,000,000 | 10% | 23,000 |

የመጨረሻውን ረድፍ ልብ በሉት። ብዙ ድርጅት ድርሻውን በፕሮጀክቶች መካከል ብቻ ከፋፍሎ የራሱን ገቢ ነጻ ያወጣል። ዓመታዊው ኦዲት የአዳራሹን ኪራይና የአባላቱን መዋጮ ጭምር ይመረምራል። ለጋሹ "የእናንተስ ድርሻ የት አለ?" ቢል መልስ ያስፈልጋል።

በቫውቸር ብዛት ወይም ኦዲተሩ በሠራው ሰዓት መደልደልም ይቻላል፤ ሰዓቱ እንዲያውም ከሁሉ ትክክለኛው ነው። ነገር ግን ሰዓቱ በጀት ሲዘጋጅ አይታወቅም፤ ቫውቸር መቁጠሩም አንዱን ክፍያ በሦስት ወረቀት የሚከፍል ሰው ድርሻውን እንዲለውጥ በር ይከፍታል። በእኛ መጠን ላለ ድርጅት የተስተካከለው የወጪ መሠረት ይበቃል። መመሪያው ላይ የሚገባው ጽሑፍም አጭር ነው፦ "ዓመታዊ የውጭ ኦዲት ክፍያ የጋራ ወጪ ነው። የሚደለደለው ለእያንዳንዱ የገንዘብ ምንጭ በዓመቱ በወጣው ትክክለኛ ወጪ መጠን ነው፤ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ የሆነ የአንድ ተቋራጭ ውል ወይም የአንድ መሣሪያ ግዢ ከመሠረቱ ይወጣል። አንድ ለጋሽ ብቻ የጠየቀው ኦዲት የዚያው ለጋሽ ቀጥተኛ ወጪ ነው።" የ1 ሚሊዮኑን ወሰን እንደ መጠናችሁ ለውጡት፤ በአንድ ዓመት መሐል ግን አትለውጡት።

ለጋምቦ ላይ የገጠመው ክርክር

በምሳሌአችን የውሃው ለጋሽ 7 በመቶ ይሰጣል፤ የኦዲት መስመር አይፈቅድም። ስለዚህ 69,000 ብሩ ከዚያ መቶኛ ላይ ይለያል። የቃሉ ለጋሽ የጋራ ወጪን በመስመር ይቀበላል፤ 92,000 ብር በበጀቱ ላይ ይጻፋል። ለጋምቦው ይከብዳል። ለጋሹ የጋራ ድርሻውን በመስመር ይከፍላል፤ በተጨማሪም የፕሮጀክቱን ብቻ የሚያሳይ የተመረመረ ሪፖርት ይፈልጋል።

እንዲህ ያለ በጀት ላይ አስተባባሪዋ የምትለውን አውቀዋለሁ፤ ከእውነተኛዋ ባልደረባዬ ሰምቼዋለሁና። "ጋሼ፣ እኔ ጋ ያለው ሥራ ትንሽ ነው። ይሄ ሁሉ ብር ስንት ኩንታል ዘር እንደሚገዛ አስበውታል?" ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ለብቻው የሚሠራ የፕሮጀክት ኦዲት ከታክስ ጋር 57,500 ብር ቢጠየቅበት ከ46,000ው ድርሻ ጋር 103,500 ብር ይሆናል፤ ከ2 ሚሊዮኑ 5 በመቶ በላይ ወደ ኦዲት ሄደ ማለት ነው።

ድርሻውን ግን ልሰርዝላት አልቻልኩም። ዘሩ የሚገዛው ከገበሬው በትንሽ በትንሹ ነው፤ እያንዳንዱ ግዢ የጣት አሻራ ያለበት የክፍያ ወረቀት አለው። የፕሮጀክቱ መጠን ቢያንስም የኦዲተሩ ድካም አያንስም። የምችለው ሁለተኛውን ክፍያ ማሳነስ ነበር። ለጋሹ ለብቻው የታተመ የኦዲት ሪፖርት ነው የሚፈልገው፣ ወይስ በዓመታዊው ሪፖርት ላይ የፕሮጀክቱን ገቢና ወጪ የሚያሳይ የተመረመረ ተጨማሪ ሠንጠረዥ ይበቃዋል? ይህን ጠይቁ። ሠንጠረዡ ከዓመታዊው ሥራ ጋር አብሮ ስለሚሠራ ርካሽ ነው። 15,000 ብር ከነታክሱ 17,250 ቢጠየቅበት የለጋምቦ ጠቅላላ ሸክም 63,250 ብር ይሆናል፤ 40,250 ብር ወደ ዘሩ ይመለሳል። 17,250 ብሩ ቀጥተኛ፣ 46,000ው የጋራ ነው። ደረሰኙ ላይ ኦዲተሩ ሁለቱን በሁለት መስመር እንዲጽፍ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ አንድ ድምር ብቻ ያለበት ደረሰኝ በኋላ ክርክር ያመጣል።

ሠንጠረዡ የሚሠራው ቀኑ ከገጠመ ብቻ ነው። ፕሮጀክቱ ግንቦት 30 ያልቃል፤ የእኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ኦዲቱ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይካሄዳል። ውሉ የመጨረሻውን ሪፖርት በአራት ወር ውስጥ ካለ መስከረም 30 ድረስ ጊዜ አለ፤ ይደርሳል። በሁለት ወር ውስጥ ካለ ግን አይደርስም፤ የግድ ለብቻው ይሠራል፤ ዋጋውም 57,500 ነው። ስለዚህ የኦዲቱን ዓይነትና ቀኑን ከለጋሹ ጋር መነጋገር የሚገባው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ነው።

ፕሮጀክቱ ተዘግቶ ደረሰኙ ሲመጣ

ኦዲት ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ወጪ ነው። የለጋምቦው ባንክ ሒሳብ ተዘግቶ፣ አስተባባሪዋ ወደ ሌላ ሥራ ሄዳ፣ ነሐሴ ላይ ደረሰኙ ይደርሳል። ያኔ 63,250 ብሩን ከየት እናመጣለን ማለት የዘገየ ጥያቄ ነው። ከኦዲተሩ ጋር ኢንጌጅመንት ሌተር የምንለውን የስምምነት ደብዳቤ ሚያዝያ ላይ እንፈርም፤ ግንቦት 30 ላይ ድርሻው በአክሩዋል፣ ማለትም በተከፋይ ሒሳብ ይመዝገብ፤ ገንዘቡም ከፕሮጀክቱ ሒሳብ ሳይወጣ ይቆይ። ከዚያ በፊት ግን ለጋሹ ዘመኑ ካለቀ በኋላ የሚከፈል የኦዲት ወጪ እንደሚቀበልና እስከ መቼ እንደሚቀበል በጽሑፍ ይመልስ። በስልክ የተሰጠ "ችግር የለም" ፋይል ውስጥ አይገባም።

የጋራው ድርሻ በዓመቱ መጨረሻ በትክክለኛው ወጪ ዳግም ይሰላል። ክረምቱ ቀድሞ ገብቶ ወይም መንገድ ተዘግቶ ለጋምቦ ከ2 ሚሊዮኑ 1 ሚሊዮን ብቻ ቢያወጣ መሠረቱ 9 ሚሊዮን ይሆናል። ለጋምቦ ወደ 25,556 ብር ይወርዳል፤ ቃሉ ከ92,000 ወደ 102,222 ብር ይወጣል። ይህ የ11 በመቶ ጭማሪ ነው። ብዙ ውል በአንድ መስመር ላይ ያለ ቅድመ ፈቃድ የሚፈቅደው 10 በመቶ ልዩነት ነውና ሰኔ ከማለቁ በፊት ለቃሉ ለጋሽ ደብዳቤ ካልተጻፈ 1,022 ብሩ በራሳችሁ ገቢ ላይ ይወድቃል። የግንቦት ወር ወጪ እንደተዘጋ የድልድሉን ወረቀት አንድ ጊዜ አስልቶ ማየት ለዚህ ይበቃል።

ለባለሥልጣኑ ሲቀርብ

አንድ ተደጋጋሚ ስሕተት አለ። የኦዲቱን ክፍያ ለጋሹ በቀጥተኛ መስመር ስለከፈለው ከአስተዳደራዊ ወጪ የወጣ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ አስተዳደራዊ ወጪ ብሎ ከሚዘረዝራቸው ውስጥም የኦዲት ክፍያ አለ። ለጋሹ የሚያየው በጀትና ባለሥልጣኑ የሚያየው ሪፖርት አንዱን ወጪ በሁለት መነጽር ያዩታል። የቃሉ ለጋሽ በቀጥታ መስመር የከፈለው 92,000 ብር ለባለሥልጣኑ በሚቀርበው ሪፖርት አስተዳደራዊ ሆኖ ይቆጠራል። የገቢያችን መጠን 16 ሚሊዮን ከሆነ ጣሪያው 3.2 ሚሊዮን ነው፤ 230,000 ብሩ ብቻውን አያስፈራም። ነገር ግን የዳይሬክተሩና የሒሳብ ሠራተኞች ደሞዝ፣ ኪራዩ፣ ኢንሹራንሱ ተደምሮ ጣሪያው ጫፍ ላይ ለደረሰ ድርጅት ልዩነት ያመጣል። የኦዲት ወጪ በሒሳብ መደባችሁ ላይ አንድ ቁጥር ይኑረው፤ የገንዘቡ ምንጭ በሌላ ኮድ ይለይ። እንዲህ ከሆነ ሁለቱንም ሪፖርት ከአንዱ ሌጀር ማውጣት ይቻላል። ለየፕሮጀክቱ የተለያየ የኦዲት ሒሳብ ቁጥር ያለው ቤት ድምሩን ለማግኘት ይቸገራል፤ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ ስሕተትም እዚያ ነው የተደበቀው።

አሁን ባለሁበት ቤት የኦዲተሩ የመጨረሻ ክፍያ ቫውቸር ላይ አንድ ገጽ ይያያዛል። ከላይ የደረሰኙ ጠቅላላ መጠን ከነታክሱ ይጻፋል፤ በምሳሌአችን 230,000 ብር የዓመታዊው፣ 17,250 ብር የሠንጠረዡ፣ በድምሩ 247,250። ከሥሩ ለየገንዘብ ምንጩ የተጫነው ይዘረዘራል፤ ከመቶኛ የተሸፈነው ኩታበርና ከራስ ገቢ የተከፈለው ጭምር። የታችኛው ድምር ከደረሰኙ ከበለጠ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከፍሏል፤ ካነሰ ሳንጽፈው በራሳችን ገቢ የወደቀ አለ። ገጹን እኔ አዘጋጃለሁ፤ ዳይሬክተሩ ያዩታል፤ ቼኩ የሚፈረመው ሁለቱ ድምሮች እኩል ሲሆኑ ነው።